ከአዲስ አበባ ሆኖ በኒው ዮርክ ሰዓት ለሚሠራ ሥራ ማመልከት፦ በኢሜይሉ ስለ ሰዓትና ስለ ኢንተርኔት ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሙሉ በሙሉ ከርቀት ለሚሠራ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ ወደ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በኢሜይል ላመለክት ነው። ማስታወቂያው ከየትኛውም አገር ማመልከት ይቻላል ይላል፤ ነገር ግን በኒው ዮርክ የሥራ ሰዓት ውስጥ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት መገኘትንና አስተማማኝ ኢንተርኔትን ይጠይቃል። በየትኛውም ሰዓት መሥራት እችላለሁ ብዬ ልጻፍ? መብራትና ኔትወርክ እንደሚቋረጥ ከተናገርኩ ገና ከመጀመሪያው ይጥሉኛል ብዬ ፈራሁ። የኢንተርኔቴ ፍጥነት 25 ሜጋ ቢት መሆኑን የሚያሳይ ምስል ባያይዝ አይበቃም?»

ምላሽ፦

«በየትኛውም ሰዓት መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይተዉት። ቀጣሪው አራት ሰዓት የጠየቀው ታታሪነትዎን ለመለካት አይደለም። ደንበኞች በሚጽፉበትና የቡድኑ ስብሰባ በሚካሄድበት ጊዜ ማን በቦታው እንደሚገኝ የሚያሳየውን የሥራ ፕሮግራም መሙላት ስላለበት ነው። ማንም ሰው ሌት ተቀን ሊሠራ እንደማይችል ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ እንዲህ ብሎ የጻፈን አመልካች የሚወስደው የሰዓቱን ልዩነት ቁጭ ብሎ እንዳላሰላ ሰው ነው። ሰዓቱን ቆርጦ የጻፈ አመልካች ግን አንባቢውን ከማስላት ያድነዋል፤ ብዙ ማመልከቻ በአንድ ቀን ለሚያገላብጥ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስሌቱ ቀላል ቢመስልም ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ኢትዮጵያ በኮምፒውተር ላይ UTC ተብሎ ከሚጻፈው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷንም አትለውጥም። ኒው ዮርክ ግን በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ በኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሳል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ለውጥ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምት ማብቂያ ላይ ይውላል። በዚህ ምክንያት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ሲሆን፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው 8 ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ጠዋት 9፡00 ላይ የሚከፈት ቢሮ በመጀመሪያው ወቅት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በሁለተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ይከፈታል ማለት ነው።

ማመልከቻዎን የሚጽፉት በመስከረም ነው እንበል። በስልክዎ ላይ የኒው ዮርክን ሰዓት ተመልክተው ልዩነቱ 7 ሰዓት መሆኑን ያያሉ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሬ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እሠራለሁ ብለው ቢጽፉ ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ድርሻ ልክ አራት ሰዓት ይሆናል። ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። ጥቅምት አልቆ ኒው ዮርክ ሰዓቱን ሲመልስ ግን እዚያ ሥራ የሚጀመረው በእኛ 11 ሰዓት ላይ ስለሚሆን፣ እርስዎ ምንም ሳይቀይሩ የጋራ ሰዓታችሁ ወደ ሦስት ይወርዳል። በተቀጠሩ በሁለተኛው ወር ቃልዎን ያላከበሩ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ሰዓትዎን መምረጥ ያለብዎት ልዩነቱ 8 በሚሆንበት ወቅት ላይ ተመሥርተው ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለመሥራት ቢያቀርቡ፣ ልዩነቱ 8 ሲሆን አራት የጋራ ሰዓት፣ 7 ሲሆን አምስት የጋራ ሰዓት ይኖራችኋል፤ ዓመቱን ሙሉም መስፈርቱን ያሟላሉ። የእኔ ምክር ይህንኑ እንዲያቀርቡ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ማስታወቂያው አራት ሰዓት ሲል በኒው ዮርክ የጠዋት ሰዓታት ይሁን ወይስ የከሰዓት በኋላ መለየት አለበት። የከሰዓቱን የሚፈልጉ ከሆነ ሥራዎ እንደየወቅቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ድረስ ይዘልቃል፤ ይህን ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለዓመት መቻልዎን ከቤተሰብዎ ጋር ተነጋግረው ካልወሰኑ በኢሜይል ቃል አይግቡ። ማስታወቂያው ካልለየው በኢሜይሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ነውር የለውም። ለአውሮፓ ድርጅት በሚያመለክቱበት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካን ቀኖች አይጠቀሙ፤ አውሮፓ ሰዓቱን የሚለውጠው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው።

ሰዓቱን በጽሑፍ ሲያስቀምጡ የእኛን አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ከቀኑ 7 ሰዓትን በእንግሊዝኛ 7 ብሎ መጻፍ በሌላው አእምሮ ውስጥ ማለዳ ወይም ምሽት ይሆናል። በ24 ሰዓት አጻጻፍ `13:00–21:00 (UTC+3)` ብለው ያስቀምጡትና ከጎኑ የኒው ዮርኩን አቻ ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን `EST` የሚለውን ምሕጻረ ቃል ግን እንዲሸሹ እመክራለሁ። በደንቡ መሠረት ይህ ስም የሚያመለክተው ልዩነቱ 8 የሚሆንበትን ወቅት ብቻ ነው፤ አሜሪካውያን ራሳቸው ዓመቱን ሙሉ በልማድ ስለሚጽፉት፣ የትኛውን እንዳሰቡ ለማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል። `New York time` ብሎ መጻፍ በሁለቱም ወቅት ትክክል ነው።

ወደ ኢንተርኔቱ ልለፍ። 25 ሜጋ ቢት የሚያሳየው ምስል አይበቃም፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ዙም ለሁለት ሰው ጥሪ በ720ፒ ጥራት የሚጠይቀው ለመላክም ለመቀበልም 1.2 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያህል ነው፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በ25 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ጥሪው ሲቆራረጥ ችግሩ ፍጥነት አይደለም። የፍጥነት መለኪያው በራሱ የሚመርጠው ለእርስዎ የቀረበውን ሰርቨር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እዚያው አገር ውስጥ ያለ ነው። የሚሠሩበት ሲስተም ግን ከአገር ውጭ ነው። ከዚህ በላይ፣ ምስሉ የሚያሳየው ምናልባት በጠዋት የተነሳን አንድ ደቂቃ ሲሆን፣ ቀጣሪው የሚፈልገው ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ በሚከፍትበት በምሽቱ ሰዓት የሚሆነውን ነው። ኢንተርኔት መረጃን ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ይልካል፤ ጥሪን የሚያበላሸው ዋናው ነገር በመንገድ ላይ የሚጠፋው ፓኬት ነው፤ ይህ ሲበዛ ቃላት ይዋጣሉ፣ ምስሉ ይደርቃል፣ የተናገሩትን ደጋግመው እንዲናገሩ ይገደዳሉ።

ይህን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ `Command Prompt` የተባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው የሚከተለውን ያስገቡ፤ `8.8.8.8` የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው፤ ልኬቱ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል።

```
ping -n 600 8.8.8.8
```

ሲጨርስ ከታች `Lost = 18 (3% loss)` የሚመስል መስመር ያሳያል። ይህ ምሳሌ ከ600 ፓኬቶች 18ቱ አልተመለሱም ማለት ነው፤ 3 በመቶ ደግሞ ለድምፅ ጥሪ ብዙ ነው። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ በተግባር ችግር አይገጥምዎትም። ልኬቱን ለአንድ ሳምንት፣ እሠራለሁ ባሉባቸው ሰዓታት፣ በተለይ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ያድርጉትና በየቀኑ ውጤቱን ይመዝግቡ። ቁጥሩ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ወዲያው የኢንተርኔት ድርጅቱን አይውቀሱ። `ipconfig` የሚለውን ትእዛዝ አስገብተው `Default Gateway` ከሚለው አጠገብ ያለውን የራውተርዎን አድራሻ ያግኙ፤ ብዙ ጊዜ `192.168.1.1` ነው። ያንኑ ልኬት በዚህ አድራሻ ይድገሙት። ወደ ራውተሩ በሚደረገው ልኬትም ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ሊሆን ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ሊረብሽ ይችላል። መፍትሔውም ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። ፓኬጃቸውን አሳድገው ገንዘብ ካወጡ በኋላ ችግሩ ሳይለቃቸው የቀሩ ብዙ ሰዎች የነበረባቸው ይህ ነው። ራውተሩ ንጹሕ ሆኖ ውጭው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን የመዘገቡትን ይዘው ወደ አገልግሎት ሰጪው መሄድ ይችላሉ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለዚህ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ በ12 ቮልት ይሰጣል፣ መብራት ሲጠፋም ራውተሩ ሳይጠፋ ወደ ባትሪ ይሻገራል። ላዩ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ቢሆን፣ ያ ቁጥር የሚለካው በውስጡ ባሉት ሴሎች 3.7 ቮልት ስለሆነ በእጅዎ ያለው 37 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 12 ቮልት ሲቀየር ጥቂቱ ስለሚባክን 30 ዋት ሰዓት ብለው ይያዙት፤ 10 ዋት የሚወስድን ራውተር ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ፋይበር ያስገቡ ሰዎች ደግሞ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። የፋይበሩ ክር የሚገባበት ሳጥንና ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ከሆኑ ሁለቱም ባትሪ ያስፈልጋቸዋል። ራውተሩ በርቶ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ እያለ ኢንተርኔቱ የማይሠራ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያ ሌላው ሳጥን መጥፋቱ ነው። ሁለቱን ከአንድ ባትሪ ካስነሱ ጊዜው በዚያው መጠን ያጥራል።

ሁለተኛው መስመር የሞባይል ኢንተርኔት ይሁን፤ ከመደበኛው መስመር በተለየ ድርጅት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ይህ የሚቻል ሆኗል፤ የቤቱ መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የሌላውን ሲም ካርድ በስልክዎ ላይ ይያዙ። ሲሙን መያዝ ብቻ ግን ዝግጅት አይባልም። ከጓደኛዎ ጋር የቪዲዮ ጥሪ ላይ እያሉ ራውተሩን ያጥፉና በስልክዎ ሆትስፖት ወደ ጥሪው እስኪመለሱ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይለኩ። መጀመሪያ ሲሞክሩት የይለፍ ቃል ሲፈልጉና ፓኬጅ ሲሞሉ ጊዜ ይባክናል፤ ይህ በእውነተኛ ደንበኛ ፊት ከሚሆን አሁን ቢሆን ይሻላል። በቡድን የቪዲዮ ጥሪ አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊያልቅ ስለሚችል፣ በሞባይል ላይ ሲሆኑ ካሜራውን እንደሚያጠፉ ለቡድኑ አስቀድመው ይንገሩ።

የዚህን ሁሉ ገደብም ማወቅ አለብዎት። የሰፈሩ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ የሞባይል ማማዎቹም ባትሪያቸው ሲያልቅ ሊዳከሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁለት ድርጅት መያዝ ሁልጊዜ ሁለት ሙሉ ዋስትና አይሆንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ እንደታየው ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ደግሞ የትኛውም ሲም ካርድ አያድንም፤ ያኔ መቋረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ለክፉ ቀን ካፌ እገባለሁ የሚሉ ከሆነ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት የሆነና የራሱ ጀነሬተር ያለው መሆኑን፣ የደንበኛ ጉዳይ ጮክ ብሎ መነጋገር የሚቻልበት ቦታ መሆኑንም ሄደው ይዩ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በኢሜይሉ ውስጥ «በፍጹም አይቋረጥብኝም» ብለው እንዳይጽፉ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ለመፍረስ አንድ ምሽት ይበቃዋል፤ ከፈረሰ በኋላም የሚታየው የኔትወርኩ ችግር ሳይሆን የእርስዎ ቃል ነው።

ታዲያ መቋረጡን ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ ለሚለው ፍርሃትዎ መልሴ፣ ይንገሯቸው፤ ግን ችግሩን ብቻውን ሳይሆን ከነመላው ይንገሩ የሚል ነው። ከኢትዮጵያ እንደሚጽፉ ያየ ቀጣሪ ስለ መብራትና ኔትወርክ ማሰቡ አይቀርም። ዝም ካሉ የራሱን ግምት ይዞ ይቀራል፤ ግምቱም ከእውነታው የባሰ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ማብራሪያ፣ ይቅርታ ወይም የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ሁኔታ የሚተርክ አንቀጽ ግን አይጻፍም። ልምድዎን ከገለጹበት አንቀጽ በኋላ አንድ አጭር አንቀጽ ይበቃል። በእንግሊዝኛ በራስዎ ቃል ሲያስቀምጡት ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ሰዓታችን UTC+3 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ13:00 እስከ 21:00 እሠራለሁ። ይህም ከኒው ዮርክ 9:00 ጀምሮ ከማርች እስከ ኖቬምበር አምስት፣ በቀሩት ወራት አራት የጋራ ሰዓት ይሰጠናል። የምጠቀመው የፋይበር መስመር ነው፤ ለአንድ ሳምንት በእነዚህ ሰዓታት ስለካው የጠፋው ፓኬት ከ1 በመቶ በታች ነበር። መብራት ቢጠፋ መስመሩ ለሦስት ሰዓት ያህል በባትሪ ይሠራል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ወደ ሌላ ድርጅት የሞባይል ኢንተርኔት እቀይራለሁ። ሁለቱም ቢቋረጡ በ15 ደቂቃ ውስጥ በስልክ አሳውቃለሁ።»

ከዚህ አንቀጽ ውስጥ ያልለኩትን ወይም ያልገዙትን ማንኛውንም ነገር ያውጡት። ባትሪው ገና ካልተገዛ አይጻፍ፤ መስመሩ ፋይበር ካልሆነ ያለዎትን ይጻፉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ደግሞ ሥራ ሲጀምሩ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ የሚደወልበትን የኃላፊዎን ስልክ ቁጥር መያዝና ስልክዎ ላይ ለዓለም አቀፍ ጥሪ የሚበቃ ሂሳብ ማቆየት ይኖርብዎታል። የልኬቱን ምስል ከመጀመሪያው ኢሜይል ጋር አያያይዙ፤ ከጠየቁዎት የሳምንቱን መዝገብ ይላኩ። በኢሜይሉ ግርጌ ከስምዎ በታች `Addis Ababa, UTC+3` ብለው ቢጽፉ ደግሞ ቀጠሮ የሚይዘው ሰው የእርስዎን ሰዓት ለመፈለግ ወደ ሲቪዎ መመለስ አይኖርበትም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ማስታወቂያው ከየትኛውም አገር የሚል ስለሆነ የእርስዎ ጉዳይ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ከርቀት የሚሠሩ ብዙ ማስታወቂያዎች አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ብቻ ክፍት ናቸው። ምክንያቱም የታክስና የደመወዝ ሕግ እንጂ ሰዓት ወይም ኢንተርኔት አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ለመሥራት ቢስማሙም አይለወጥም። ቪፒኤን ተጠቅሞ አሜሪካ ያሉ መስሎ ማመልከት ግን በምንም መልኩ አይደረግም። የድርጅቱ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች ከየት እንደሚገቡ ስለሚከታተል ብዙ ሳይቆይ ይታወቃል፤ ውሉም በዚያው ይፈርሳል።

ኢሜይሉን በየትኛው ሰዓት ልላክ በሚለው ብዙ አይጨነቁ። ከላኩ በኋላ ግን ምላሹ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ምሽት ስለሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኢሜይልዎን ይመልከቱ። ለቃለ መጠይቅ «ሐሙስ 10:00 EST» ብለው ቢጽፉልዎ፣ ወቅቱ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሆነ ሊሆን የሚችለው ወይ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይ 12 ሰዓት ነው፤ አይገምቱ። ወዲያውኑ «ሐሙስ በኒው ዮርክ 10:00፣ በአዲስ አበባ 17:00 እገኛለሁ፤ ልክ ነኝ?» ብለው በሁለቱም ሰዓት መልሰው ያረጋግጡ፤ የወሩንም ስም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፉት። ቃለ መጠይቁን ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኝተው ያድርጉ፤ ሆትስፖቱ አስቀድሞ ተሞክሮ፣ ስልኩ ተሞልቶ አጠገብዎ ይሁን። በመካከሉ ቢቋረጥም አይደናገጡ። በሞባይል መስመር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱ፣ በኢሜይሉ የጻፉትን ቀጣሪው በዓይኑ አይቶታል።

የሳምንቱ ልኬት በኬብል ተገናኝተውም ቢሆን በየምሽቱ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በላይ መጥፋት የሚያሳይ ከሆነ፣ የሞባይሉም መስመር ካልተሻለ፣ በቀጥታ ጥሪ ለሚሠራ የደንበኞች አገልግሎት አሁን አያመልክቱ። መስመሩ እስኪስተካከል በኢሜይል ለሚሠራ የደንበኞች አገልግሎት፣ ለሂሳብ አያያዝ ወይም ለመረጃ ማስገባት ሥራ ያመልክቱ፤ እነዚህ ለአጭር መቆራረጥ ይታገሳሉ፤ በኢሜይልዎም ላይ የሚያስፈልገው የሰዓቱ አንቀጽ ብቻ ይሆናል።